8፣ 40 ወይስ 45? የአንድ ውጤት አንቀጽ እርማት

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬንም እየጨረስኩ ነው። 600 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈልን። ለ300ው ከቀጠሯቸው ሁለት ቀን በፊት ስልክ ተደወለላቸው፣ 300ው እንደወትሮው ቀጠሮ ብቻ ተሰጣቸው። በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ከተደወለላቸው 36፣ ካልተደወለላቸው 60 ሰዎች ቀሩ። ለዞን ጤና መምሪያ በአማርኛ ለሚቀርበው ሪፖርት ይህን ጻፍኩ፦

«የስልክ ማስታወሻ በተደረገላቸው ታካሚዎች የቀጠሮ መቅረት ከ20% ወደ 12%፣ ማለትም በ8% ቀንሷል። ሪላቲቭ ሪስኩ 0.60 በመሆኑ ፍጹም ስጋቱ በ40% ቀንሷል። በዚህም ከ100 ታካሚዎች 40ዎቹን ከመቅረት ማዳን ተችሏል። በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሲታይም የመቅረት ስጋታቸው በ45% ያነሰ ነው (ኦድስ ሬሾ 0.55)። የደም ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ታካሚዎች ደግሞ ከ40% ወደ 50%፣ በ10% ጨምረዋል።»

አማካሪዬ «8 ነው፣ 40 ነው ወይስ 45? ወስኚ» ብሎ መለሰልኝ። ሦስቱም ከኮምፒውተር የወጡ ናቸው። የትኛውን ልያዝ? እህትዎ፣ ከደሴ።

ምላሽ

እህቴ፣ ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የተበላሸው አጠገባቸው ያለው ቃል ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መርጠሽ ሌሎቹን ብትሰርዢ ችግሩ አይፈታም። እያንዳንዱ ቁጥር የማን ስንተኛ እንደሆነ ለይተን፣ የየራሱን ስም እንስጠው።

ለጊዜው አንቀጹን ተይውና አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፊ። ከተደወለላቸው 36 ቀሩ፣ 264 መጡ። ካልተደወለላቸው 60 ቀሩ፣ 240 መጡ። በቃ፣ ስለ መቅረት የጻፍሽው ሁሉ የሚወጣው ከነዚህ ነው። እኔ የማንንም የውጤት ክፍል ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እነዚህን አራት ቁጥሮች ነው። አንቺ ለእኔ በጥያቄሽ ውስጥ ጽፈሽልኛል፣ በአንቀጽሽ ውስጥ ግን የሉም። የመምሪያው ሰው መቶኛ ብቻ ነው የሚያየው። 20% የስንት ሰው 20% እንደሆነ አያውቅም።

«በ8% ቀንሷል» የሚለው

ከ20% ላይ 12% ሲቀነስ 8 ይቀራል። ያ 8 ግን በመቶ አይባልም፣ የመቶኛ ነጥብ ነው። ሁለት መቶኛዎችን ስትቀንሺ የምታገኚው ነጥብ ነው። «በ8% ቀነሰ» ካልሽ ጠንቃቃ አንባቢ የ20ን 8% ያሰላል። እሱም 1.6 ነው። ከ20 ላይ 1.6 ሲነሳ 18.4% ይሆናል። አንቺ ደግሞ 12% ብለሻል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተቀምጠዋል ማለት ነው። «ከ20 ወደ 12» የሚለው አብሮ ስላለ ብዙ ሰው ገምቶ ያልፈዋል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው ቁጥሮቹን ጥሎ «በ8% ቀነሰ» የሚለውን ብቻ ወደ ፓወርፖይንት ሲወስደው ነው። ያኔ የሚገምትበት ነገር የለም።

ከ20 ወደ 12 መውረድን በመቶ ለመግለጽ ከፈለግሽ 8ን ለ20 አካፍዪ። 40% ነው። ስለዚህ «በ8 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ» እና «በ40% ያነሰ» ሁለቱም እውነት ናቸው። የሚለያዩት በምን ላይ እንደተካፈሉ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ሪፖርቶች ውስጥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን ውሰጂ። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በ2005 እ.ኤ.አ. 5%፣ በ2011 10%፣ በ2016 ደግሞ 26% ነበሩ። ከ2005 እስከ 2011 ያለው ለውጥ 5 ነጥብ ነው፤ በመቶ ሲሰላ ግን 100% ጭማሪ፣ ማለትም እጥፍ ነው። «በ5% ጨመረ» ብሎ የጻፈ ሰው ሥራውን አሳንሶታል። «በ100% ጨመረ» ብሎ መነሻውን ያልጻፈ ደግሞ እናቶች ሁሉ ተቋም ሄደው የወለዱ ያስመስለዋል። መነሻና መድረሻው ከተጻፉ ሁለቱም አያታልሉም።

እዛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሌላም ነገር አለ፤ አማካሪሽ ያላነሳው። «ከ20% ወደ 12% ቀንሷል» ስትዪ የሚሰማው ያው ሰዎች መጀመሪያ 20% ይቀሩ ነበር፣ ኋላ 12% ሆነ የሚል ነው። የአንቺ ጥናት ግን በፊትና በኋላ አይደለም። በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የታዩ ሁለት ቡድኖች ናቸው። 20%ው የአንዱ፣ 12%ው የሌላው ነው። ስለዚህ «ከ… ወደ…» የሚለውን ተይና «በአንደኛው ቡድን 12%፣ በሌላኛው 20%» በዪ። በዕጣ ስለከፈልሽ ልዩነቱ ከስልኩ የመጣ ነው ለማለት አቅም አለሽ። ያንን ጉልበት በፊትና በኋላ በሚመስል አጻጻፍ ለምን ታባክኚዋለሽ?

ፍጹም ስጋቱ 40% አልቀነሰም

ዋናው ስህተት እዚህ ነው። ሪላቲቭ ሪስክ የሁለት ስጋቶች ንጽጽር ነው፦ 12 ለ20 ሲካፈል 0.60። ከ1 ላይ 0.60 ስትቀንሺ 0.40 ይቀራል፤ እሱ አንጻራዊ የስጋት ቅነሳ ነው። ፍጹም የስጋት ቅነሳ የሚባለው ቀደም ብለን ያገኘነው ነው፣ 20 ሲቀነስ 12፣ 8 የመቶኛ ነጥብ። አንቺ የአንጻራዊውን ቁጥር ወስደሽ የፍጹሙን ስም ሰጠሽው።

ከየት እንደመጣም እገምታለሁ። ስታታ ላይ ይህን ጽፈሽ ከሆነ፦

```
csi 36 60 264 240
```

ውጤቱ ላይ `Risk difference` -.08፣ `Risk ratio` .6፣ ከሥሩ ደግሞ `Prev. frac. ex.` .4 ይላል። ሦስቱ ተከታትለው ነው የሚወጡት። ሦስተኛው ላይ ያለው .4 ከ1 ላይ ሪላቲቭ ሪስኩ ተቀንሶ የተገኘ ነው እንጂ ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። በነገራችን ላይ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ተጠንቀቂ፦ የቀሩ የተደወለላቸው፣ የቀሩ ያልተደወለላቸው፣ ከዚያ የመጡ በዚያው ተራ። ሁለቱ መሀለኞች ከተቀያየሩ ስታታ ምንም ሳይል ሌላ ቁጥር ያወጣልሻል።

አሁን ወደ «ከ100 ታካሚዎች 40ዎቹን ማዳን ተችሏል» እንምጣ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሊሆን አይችልም፤ ለዚህም ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሳይደወልላቸው ከ100 ሰዎች የሚቀሩት 20 ብቻ ናቸው። ከ20 ሰው ላይ 40 ሰው እንዴት ይድናል? 80ው እኮ ተደወለም አልተደወለም የሚመጡ ናቸው። በስልኩ የሚድን ሰው ቢኖር ከ20ዎቹ ውስጥ ነው። ሲደወልላቸው 12 ቀሩ። ስለዚህ የዳኑት 8 ናቸው። እነዚያው 8 ሰዎች ከ100ው አንጻር 8፣ ሊቀሩ ከነበሩት 20 አንጻር 40% ናቸው። ከ8 ሰዎች ሌላ የተደበቀ ሰው የለም። የሁለቱ ቁጥሮች ጠብ ሁሉ የሚያልቀው «ከእነማን ውስጥ?» ብለሽ ስትጠይቂ ነው።

በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ የምጠቀምበት መፈተሻ አለ። የጻፍሽውን ቁጥር ይዘሽ ወደ ኋላ ተመለሺ። «ከ100 40 ዳኑ» ካልሽ፣ 300 ሰው ላይ 120 መሆን አለበት። ካልተደወለላቸው የቀሩት ጠቅላላ 60 ናቸው። 120 ከ60 አይወጣም። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ወደቀ። በ8 ስትሞክሪው 24 ይሆናል፣ 60 ሲቀነስ 36ም 24 ነው። ገጠመ።

ከዚህ ሌላ ለመምሪያው ጠቃሚ ቁጥር ይወጣል። 100ን ለ8 ስታካፍዪ 12.5 ነው። ወደ ላይ ይጠጋጋና 13 ይባላል። አንድ ተጨማሪ ታካሚ ቀጠሮውን እንዲያከብር ለ13 ያህል ሰዎች መደወል ያስፈልጋል ማለት ነው። የስልክ ካርድና የነርስ ሰዓት የሚመድበው ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። 40% ለበጀት ምንም አይነግረውም። ጊዜውን ግን አብረሽ ጻፊ፤ ይህ 13 ለሦስተኛው ወር አንድ ቀጠሮ ነው። ለዓመት ቀጠሮዎች ሁሉ አይሠራም።

እዚህ ላይ እርግጠኝነቱንም አትደብቂ። የ8 ነጥቡ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ2.2 እስከ 13.8 ነጥብ ነው። የሪላቲቭ ሪስኩ ከ0.41 እስከ 0.88። የመጀመሪያውን ወደ ሰው ቁጥር ስትለውጪው፣ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ጥሪ ከ8 እስከ 46 ይሆናል። 46 ጥሪ ለአንድ ሰው ከሆነ ነገሩ እንደገና ይታሰብበታል። በረከት ያለው ጥናት ነው፣ ግን 13ን እንደ ድንጋይ የጸና አድርገሽ አታቅርቢ።

የመጡትን ብትቆጥሪስ?

ኤስፒኤስኤስ የሚጠቀሙ ተማሪዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ ስለሆነ ልጨምረው። `Crosstabs` ውስጥ `Risk` ላይ ምልክት ስታደርጊ `For cohort` የሚሉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። አንደኛው ለቀሩት፣ ሌላኛው ለመጡት ነው። በአንቺ ቁጥሮች አንዱ 0.60፣ ሌላው 1.10 ይላል። 88 ለ80 ስለሚካፈል ነው። ስለዚህ ያንኑ ጥናት አንድ ሰው «መቅረት በ40% አነሰ» ሊል ይችላል፣ ሌላው «መምጣት በ10% በለጠ» ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ግን ትልቅ ሥራ፣ ሌላው ትንሽ ሥራ ይመስላል።

ልዩነቱ ግን በየትኛውም በኩል ብታዪው 8 ነጥብ ነው። 20 ሲቀነስ 12፣ 88 ሲቀነስ 80። አይገለበጥም። እኔ ለአስተዳደር ሰው በሚጻፍ ሪፖርት ፍጹሙ ቁጥር ይቅደም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። አንጻራዊው ይከተል፣ ብቻውን ግን አይቁም።

አንጻራዊው ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ውጤትሽን ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ብዙ ጊዜ የሚረዳው እሱ ነው። እንበልና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የፋብሪካ ክሊኒክ አለ፣ ታካሚዎቹ እዚያው ግቢ ስለሚሠሩ የሚቀሩት 5% ብቻ ናቸው። ስልኩ እዚያም መቅረትን በ40% ይቀንሳል ብለን ብናስብ 5% ወደ 3% ይወርዳል። ልዩነቱ 2 ነጥብ ነው። ለአንድ ሰው 50 ጥሪ። በአንቺ ሆስፒታል ግን ከኩታበርና ከሐይቅ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፣ መነሻው 20% ነው፣ 13 ጥሪ ይበቃል። ሪላቲቭ ሪስኩ በሁለቱም ቦታ 0.60 ነው። የሥራው ፍሬ ግን ይለያያል። «40%» ብቻ ተጽፎ ቢላክ የኮምቦልቻው ክሊኒክ ኃላፊ ከ100 ሰው 8 ይድንልኛል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል፤ የሚድኑለት 2 ናቸው።

መነሻው ሳይጻፍ አንጻራዊ ቁጥር ብቻውን ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ታሪክ አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋት ስጋትን እጥፍ ያደርጋሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፍ ማለት 100% ጭማሪ ነው። ከጀርባው የነበረው ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው 2 መሆኑ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃዎች ተመዘገቡ። እርግዝናና ውርጃ ራሳቸው የደም መርጋት ስጋትን ከፍ እንደሚያደርጉ አንቺ ነርስ ነሽና አልነግርሽም።

45%ቱ ከየት መጣ?

ከኦድስ ሬሾ ነው። `Exp(B)` የሚለው ዓምድ ላይ 0.545 አይተሽ፣ ከ1 ላይ ቀንሰሽ «ስጋታቸው በ45% ያነሰ» አልሽ። ይህ በተመራቂዎች ጽሑፍ ላይ በብዛት የማየው ነገር ነው። አማካሪዎችም ያልፉታል።

ኦድስ ማለት የቀሩትን ለመጡት ማካፈል ነው፣ ለጠቅላላው አይደለም። ከተደወለላቸው 36 ለ264፣ 0.136። ካልተደወለላቸው 60 ለ240፣ 0.25። አንዱን ለሌላው ስታካፍዪ 0.545። ስጋት ደግሞ የቀሩትን ለጠቅላላው ማካፈል ነው፦ 36 ለ300፣ 60 ለ300። የተካፈለበት ቁጥር ስለተለያየ መልሱም ተለያየ። 45% የኦድሱ ቅናሽ ነው፤ የስጋቱ ቅናሽ 40% ነው።

ሁለቱ የሚቀራረቡት ነገሩ ብርቅ ሲሆን ነው። ያችን የኮምቦልቻ ምሳሌ ብታሰዪው፣ 3% እና 5% ላይ ኦድስ ሬሾው 0.59 ይሆናል፣ ከ0.60 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። 20% ላይ 0.55 ሆነ። ነገሩ 50% አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። የእኛ ተማሪዎች የሚያጠኑት አብዛኛው ነገር፣ የጡት ማጥባት ልማድ በዪው፣ መድኃኒት በአግባቡ መውሰድ በዪው፣ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ኦድስ ሬሾን እንደ ሪላቲቭ ሪስክ ማንበብ ውጤቱን ሁልጊዜ ከእውነቱ አግዝፎ ያሳያል።

ዕድሜና ጾታን ለማስተካከል ሪግሬሽን ያስፈልገኛል ካልሽ መብትሽ ነው። ግን ከሎጂስቲኩ በኋላ ልዩነቱን በነጥብ ማውጣት ይቻላል፦

```
logistic missed i.called age i.sex
margins, dydx(called)
```

ሁለተኛው መስመር የሚሰጥሽ የተስተካከለውን የስጋት ልዩነት ነው። -.08 አካባቢ ካወጣ 8 የመቶኛ ነጥብ ማለት ነው። የተስተካከለ ሪላቲቭ ሪስክ ከፈለግሽ ደግሞ ይህን ሞክሪ፦

```
poisson missed i.called age i.sex, irr vce(robust)
```

`vce(robust)` አትርሺ። ያለሱ ኢንተርቫሉ ከሚገባው በላይ ይሰፋል። ውጤቱ ላይ `IRR` የሚል ይጻፋል፣ አንቺ ግን እንደ ሪላቲቭ ሪስክ ታነቢዋለሽ።

በዕጣ የተከፈለ ጥናት ስለሆነ እኔ ብሆን ለመምሪያው ሪፖርት ኦድስ ሬሾውን ጭራሽ አላስገባውም። በቴሲስሽ ውስጥ ከፈለግሽ ሠንጠረዥ ላይ በስሙ አስቀምጪው፣ «ኦድስ» ከሚለው ቃል ውጭ ግን አትተርጉሚው። ጥናትሽ ኬዝ ኮንትሮል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ የታመሙትንና ያልታመሙትን ቁጥር የምትወስኚው ራስሽ ስለሆንሽ ስጋት ማስላት አይቻልም። ኦድስ ሬሾ ብቻ ነው ያለሽ፤ ፍጹም ቅነሳ ለመጻፍ መሞከርም የለብሽም።

የደም ግፊቱ ዓረፍተ ነገር

«ከ40% ወደ 50%፣ በ10% ጨምረዋል።» የቃሉን እርማት አሁን ራስሽ ታውቂዋለሽ፦ 10 የመቶኛ ነጥብ፣ ወይም 25% ጭማሪ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከሥሩ ያለው ነው።

በመጀመሪያ የተለኩት 300ውም ናቸው፣ 40% ማለት 120 ሰው። በሦስተኛው ወር ግን 36ቱ አልመጡም፣ ያልመጣ ሰው ደግሞ አይለካም። የተለኩት 264 ናቸው። 50% ማለት 132 ሰው ነው። መነሻው በ300 ተካፍሎ፣ መድረሻው በ264 ተካፍሏል። 132ን ለ300 ብታካፍዪው 44% ይመጣል። ጭማሪው ያኔ 4 ነጥብ ብቻ ነው። ያልመጡት 36 ሰዎች ሁሉ ግፊታቸው የተስተካከለ ቢሆን ደግሞ 168 ለ300፣ 56%፣ ጭማሪው 16 ነጥብ። እውነቱ ከ4 እስከ 16 መሀል የሆነ ቦታ ነው። የሚቀር ሰው መድኃኒቱንም የማይወስድ ሊሆን ስለሚችል እኔ ወደ ታችኛው አደላለሁ፣ ግን ያ ግምቴ ነው።

አሁንም ሌላ ጉድለት አለ። ይህ የተደወለላቸው ብቻ ነው። ያልተደወለላቸውስ? ክትትል ላይ ያለ ሰው ሳይደወልለትም ሊሻሻል ይችላል፣ መድኃኒት ይቀየርለታል፣ ጨው ይቀንሳል። ያልተደወለላቸው ቡድን በተመሳሳይ ጊዜ ስንት ላይ እንደደረሰ ካልተጻፈ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ስልኩ ምንም አይናገርም። መዝገቡ እጅሽ ላይ አለና ቁጥሩን አውጪው። እስከዚያው ከዚህ በታች ባዶ ትቼልሻለሁ።

እንዲህ ብትጽፊውስ

«በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ስልክ ከተደወለላቸው 300 ታካሚዎች 36ቱ (12%)፣ ካልተደወለላቸው 300 ታካሚዎች ደግሞ 60ዎቹ (20%) ቀርተዋል። ልዩነቱ 8 የመቶኛ ነጥብ ነው (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ2.2 እስከ 13.8)። ይህም ለ100 ታካሚዎች ሲደወል ይቀሩ ከነበሩት 20 ሰዎች 8 ያህሉ ቀጠሯቸውን ያከብራሉ እንደማለት ነው። በአንጻራዊ መለኪያ፣ የተደወለላቸው የመቅረት ስጋት ካልተደወለላቸው በ40% ያነሰ ነው (ሪላቲቭ ሪስክ 0.60፣ ከ0.41 እስከ 0.88)። ከተደወለላቸው ታካሚዎች በጥናቱ መጀመሪያ የደም ግፊታቸው የተስተካከለው ከ300 120 (40%) ነበሩ። በሦስተኛው ወር መጥተው ከተለኩት 264 ታካሚዎች የተስተካከለላቸው 132 (50%) ናቸው፤ ያልመጡት 36 አልተለኩም። ካልተደወለላቸው መካከል ይህ ቁጥር በመጀመሪያ ከ300 ___፣ በሦስተኛው ወር ከተለኩት 240 ___ ነው።»

ከቀድሞው ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ቦታ ካጠረሽ የሪላቲቭ ሪስኩን ዓረፍተ ነገር ቁረጪ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን አትንኪ። የደም ግፊቱ የንጽጽር ቁጥር ካልተገኘም የደም ግፊቱን ክፍል እንዳለ አውጪው። ጎዶሎውን ይዞ ከመውጣት ይሻላል።

አንቀጹ ሲታረም ሌሎቹ ቦታዎች ይረሳሉ። አጭር መግለጫውን፣ የሠንጠረዡን ርዕስና ስላይዶቹን በ«40» እና በ«45» ፈልጊያቸው። ግራፍ ካለሽ ቋሚ መስመሩ ከዜሮ መጀመሩን እዪ። ከ10% ከጀመረ 12 እና 20 አምስት እጥፍ የተለያዩ ይመስላሉ፣ እንግዲህ ያን ያህል የደከምንበት ሁሉ በአንድ ሥዕል ይፈርሳል። አማካሪሽ «ወስኚ» ሲልሽ ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ አራቱን ቁጥሮች ጻፊና ይዘሽለት ሂጂ። 8ም፣ 40ም፣ 45ም ከየት እንደሚወጡ እዚያው ፊቱ አስልተሽ ታሳዪዋለሽ።